ኢትዮጵያዊው የቱ ሣጥን ውስጥ ይግባ? ሦስቱ «ታላላቅ ዘሮች» ከሳይንስ የወጡበት ምክንያት

በ1795 ዮሐን ብሉመንባኽ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የሰውን ልጅ በአምስት ከፈለ። ከአምስቱ አንዱን «ኢትዮጵያዊ» ብሎ ሰየመው። ጥቁር አፍሪካውያንን በጅምላ ማለቱ ነበር። በ1930 ደግሞ ቻርልስ ሴሊግማን የተባለ እንግሊዛዊ ስለ አፍሪካ ዘሮች መጽሐፍ አሳተመ። እዚያ ላይ የኢትዮጵያ ደገኛ «ሃሚት» ሆኖ ቀረበ። ሃሚቶች ደግሞ እንደ ሴሊግማን አባባል ኮካሳውያን ናቸው፤ ከአውሮፓውያን ጋር ከአንድ ግንድ የወጡ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ135 ዓመት ውስጥ፣ ጥቁር ሕዝብ ሁሉ በስሙ የተጠራለት ሰው ከነጮች ጎራ ገብቶ ቁጭ አለ። ሰውየው ግን ምንም አልሆነም። መልኩም፣ ጸጉሩም፣ አፍንጫውም ያው ነው። የተቀየረው መዳቢው ነው።

ኔግሮይድ፣ ኮካሶይድ፣ ሞንጎሎይድ የሚባሉት ሦስት ስሞች ዛሬ በሰው ዘረመል ጥናት ውስጥ አይሠራባቸውም። ለምን ሲባል ብዙ ሰው «ዘረኛ ስለሆኑ ታገዱ» ብሎ ያልፈዋል። ዘረኝነቱ እውነት ነው፤ እንመጣበታለን። ነገር ግን ዘረኛ የሆነ ነገር ሁሉ ከሳይንስ ቶሎ አይወጣም። እነዚህ ስሞች የወደቁት የተባለላቸውን ሥራ መሥራት ስላቃታቸው ጭምር ነው። ያቃታቸው መሆኑ ደግሞ ቁልጭ ብሎ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ የአፍሪካ ቀንድ ነው።

ከራስ ቅል መደርደሪያ የተነሣ ሐሳብ

ብሉመንባኽ በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ የራስ ቅል ይሰበስብ ነበር። ከስብስቡ በጣም ያማረው ከጆርጂያ የመጣች የአንዲት ሴት ቅል ሆኖ ታየው። ጆርጂያ ያለችው በካውካሰስ ተራሮች ሥር ነው። «ኮካሳዊ» የሚለው ስም ከዚያ መጣ። ዛሬም አሜሪካ ውስጥ ቅጽ ላይ ነጭ ለማለት «ኮኬዥን» ተብሎ ሲጻፍ መነሻው ይኸው የአንድ ሰው የውበት ፍርድ ነው።

ለብሉመንባኽ ፍትሕ ለማድረግ ግን አንድ ነገር መነገር አለበት። እሱ ራሱ ዓይነቶቹ አንዱ በሌላው ውስጥ እየሟሙ እንደሚሄዱ፣ በመካከላቸው ቁርጥ ያለ ድንበር ማስመር እንደማይቻል ጽፏል። ጥቁሮች በአእምሮ ያንሳሉ የሚለውንም ተቃውሟል። ተከታዮቹ ምድቡን ይዘው ማስጠንቀቂያውን ጣሉት። በ1817 ፈረንሳዊው ዦርዥ ኩቪዬ አምስቱን ወደ ሦስት አወረዳቸው፦ ኮካሳዊ፣ ሞንጎላዊ፣ ኢትዮጵያዊ። በኋላ «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ቦታውን ለኔግሮይድ ለቀቀ። ሦስትነቱ ግን ተተክሎ ቀረ።

መለኪያዎቹ እርስ በርስ ሲጣሉ

የ19ኛው ክፍለ ዘመን አንትሮፖሎጂስቶች በዓይን ግምት ብቻ አይሠሩም ነበር። ካሊፐር የተባለ የርዝመት መለኪያ ነበራቸው። የጭንቅላትን ወርድ ለርዝመቱ ያካፍሉና በመቶ ያባዛሉ። ውጤቱ ከ75 በታች ከሆነ ረጅም ጭንቅላት፣ ከ80 በላይ ከሆነ ክብ ጭንቅላት ይሉታል። ለአፍንጫም እንዲሁ። ወርዱ ለቁመቱ ይካፈላል፤ ከ70 በታች ቀጭን፣ ከ85 በላይ ሰፊ። ቆዳና ጸጉር ደግሞ ለየብቻ ይመዘገባሉ።

እንግዲህ ከአንድ የደጋ መንደር አንድ ሰው ይምጣና እንለካው። ቆዳው ጠይም ወይም ጥቁር ነው፤ በዚህ ኔግሮይድ ይሆናል። አፍንጫው ቀጭንና ቀጥ ያለ ነው፤ በዚህ ኮካሶይድ ይሆናል። ጸጉሩ ከሁለቱም መሃል ነው። ጭንቅላቱ ረጅም ነው፤ ረጅም ጭንቅላት ግን በምዕራብ አፍሪካም በስዊድንም ሞልቷል፤ ስለዚህ የሚነግረን ነገር የለም። ቀጥሎ ወንድሙን እንለካው። የእሱ አፍንጫ ሰፋ ይላል። የአንድ እናት ልጆች ሁለት ዘር ሊሆኑ ነው።

ከዚህ መውጫው አንድ ብቻ ነው። መዳቢው የትኛው መለኪያ ይበልጥ እንደሚመዝን ራሱ ይወስናል። ቆዳን ያስቀደመ ብሉመንባኽን ይሆናል፤ አፍንጫንና ቋንቋን ያስቀደመ ሴሊግማንን። አንድ መለኪያ መልሱን ከመስጠቱ በፊት ለኪው መልሱን መምረጥ ካለበት፣ ያ መለኪያ አይባልም።

ሴሊግማን ለምን ያንን እንደመረጠ ማወቅ ደግሞ ከባድ አይደለም። ጥያቄው «ጥቁር አፍሪካውያን ሥልጣኔ መፍጠር አይችሉም ከተባለ አክሱም ከየት መጣ?» ነበር። መልሱ፣ አፍሪካ ውስጥ ሥልጣኔ የተባለውን ሁሉ ከውጭ የገቡ ሃሚቶች አመጡት የሚል ሆነ። እኛም ውስጥ ይህን እንደ ምስጋና የሰማ ሰው አይጠፋም። ምስጋናው ግን ጎረቤትን መስደቢያ ነበር።

ጣሊያኖች ደግሞ ሣጥኑን በፖለቲካ ነፋስ እንዴት እንደሚገፉት አሳዩን። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጁዜፔ ሰርጂ የተባለ ታዋቂ ጣሊያናዊ አንትሮፖሎጂስት የሜድትራንያን ሕዝቦች መነሻቸው አፍሪካ ነው፣ ከኢትዮጵያውያንም ጋር ዘመዳሞች ናቸው ብሎ ያስተምር ነበር። ከዚያ ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን ወረረ። በሚያዝያ 1937 ጣሊያናዊ ከቅኝ ተገዢ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ሕግ ወጣ። በሐምሌ 1938 ደግሞ «የዘር ሳይንቲስቶች» የተባሉ ሰዎች መግለጫ አወጡ፤ አውሮፓውያንን ከአፍሪካ የሚያመጣ፣ ሴሞችንና ሃሞችንም ከሜድትራንያን ዘር የሚቆጥር ትምህርት አደገኛ ነው አሉ። ትናንት ዘመድ የነበረው በአዋጅ ባዳ ሆነ። አዲስ ልኬት ያመጣ የለም።

የራስ ቅልም ይለወጣል

ምድቡ እንዲቆም አንድ ነገር የግድ እውነት መሆን ነበረበት፦ የሚለካው ነገር የማይለወጥ፣ በዘር ብቻ የሚወረስ መሆኑ። አሜሪካ ይኖር የነበረው አንትሮፖሎጂስት ፍራንዝ ቦአስ ይህን ለመፈተን በኒው ዮርክ ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ ስደተኞችንና ልጆቻቸውን ለካ። ውጤቱ በ1911 ወጣ። ክብ ጭንቅላት ያላቸው የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች አሜሪካ የተወለዱ ልጆቻቸው ጭንቅላት ረዘም ብሎ ተገኘ። ረጅም ጭንቅላት ያላቸው የሲሲሊ ሰዎች ልጆች ደግሞ አጠር አለ። ለውጡ ትንሽ ነበር፤ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ከ90 ዓመት በኋላም ተመራማሪዎች መረጃውን አውጥተው ተከራክረውበታል። ቢሆንም ቅል እንደ ድንጋይ የማይነቃነቅ ማስረጃ ነው የሚለው እምነት ከዚያ ወዲህ አላገገመም።

አፍንጫም ቢሆን ከአየር ጠባይ ጋር ይሄዳል። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ባለበት ቀጠን ይላል፤ ሞቃትና እርጥብ በሆነበት ይሰፋል። አየሩ ሳንባ ከመድረሱ በፊት መሞቅና መርጠብ አለበትና። ስለዚህ የደገኛው ቀጭን አፍንጫ ከአውሮፓ የመጣ አያት ማስረጃ ላይሆን ይችላል።

ደጋ የሚያልቀው የት ላይ ነው?

በ1962 ፍራንክ ሊቪንግስተን የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ነገሩን በአጭሩ አስቀመጠው፤ ዘሮች የሉም፣ ያለው ቀስ በቀስ የሚለወጥ ባሕርይ ነው አለ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አዋሽ የወረደ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ደጋው የት አለቀ፣ ቆላው የት ጀመረ ብሎ መንገድ ላይ ምልክት መትከል አይቻልም። ሙቀቱ በየኪሎ ሜትሩ ትንሽ ትንሽ ይጨምራል። ይባስ ብሎ ዝናቡና አፈሩ ሙቀቱ በሚለወጥበት ቦታ ላይ አይለወጡም፤ እያንዳንዱ የራሱ መስመር አለው።

የሰው ባሕርያትም እንደዚያው ናቸው። ሊቪንግስተን ያጠናው ማጭድ መሰል የደም ሴል የሚያመጣውን ጂን ነበር። ይህ በሽታ ለረጅም ጊዜ «የጥቁር በሽታ» ይባል ነበር። ካርታ ላይ ሲቀመጥ ግን የሚከተለው ወባን ነው። ይህን ጂን ከአንዱ ወላጁ ብቻ የወረሰ ሰው ወባን በተሻለ ይቋቋማል። ስለዚህ በምዕራብ አፍሪካ ብዙ አለ፤ በግሪክ፣ በአረቢያና በሕንድም በየቦታው ይገኛል። ወባ ባልነበረበት በደቡብ አፍሪካ ጫፍና በደጋው ኢትዮጵያ እምብዛም የለም። በቆዳ ቀለም የሄደ ሐኪም የግሪኩን ሕመምተኛ ያልፈዋል።

የቆዳ ቀለምም ራሱ ከዚህ አያመልጥም። በ2017 የወጣ ጥናት በኢትዮጵያ፣ በታንዛኒያና በቦትስዋና ከ2000 በላይ ሰዎችን ቆዳ ለክቶ ጂናቸውን አነጻጸረ። ለአውሮፓውያን ነጣ ማለት ዋና ምክንያት ተብሎ የሚታወቀው አንድ የጂን ዓይነት በኢትዮጵያ በሰፊው ተገኘ። በተቃራኒው ቆዳን የሚያጠቁሩ አንዳንድ የጂን ዓይነቶች በአፍሪካና በፓስፊክ ውቅያኖስ ባሉት የሜላኔዥያ ደሴቶች የጋራ ሆነው ተገኙ።

ሜላኔዥያን ልብ በሉልኝ። የፓፑዋ ኒው ጊኒ ሰው ጥቁር ነው፣ ጸጉሩ ከርዳዳ ነው። በድሮው ዓይን ለኔግሮይድ ምን ጎድሎት? በጠቅላላ ዲኤንኤው ግን ከናይጄሪያዊ ይልቅ ለቻይናዊም ለጣሊያናዊም ይቀርባል። አያቶቹ ከአፍሪካ የወጡት ከእነዚያ አያቶች ጋር ነውና።

ዲኤንኤ ሲመጣ

በ1972 አሜሪካዊው የዘረመል ተመራማሪ ሪቻርድ ሌዎንቲን የ17 የደም ፕሮቲኖችን ልዩነት ከመላው ዓለም ሰብስቦ አሰላ። ከጠቅላላው የሰው ልጅ ልዩነት 85 በመቶ ገደማ በአንድ ሕዝብ ውስጥ፣ በጎረቤታሞች መካከል ያለ ሆነ። 8 በመቶው «በአንድ ዘር» ውስጥ ባሉ ሕዝቦች መካከል ነበር። በዘሮች መካከል የቀረው 6 በመቶ ነው።

ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከአቅሙ በላይ ይሸከማል። «ስለዚህ ከዲኤንኤ የሰውን መነሻ ማወቅ አይቻልም» ማለት አይደለም። በ2003 አንቶኒ ኤድዋርድስ የተባለ የስታትስቲክስ ሰው ይህን አስረድቷል። አንድ ጂን ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ብዙ መቶ ጂኖች አብረው ሲታዩ ግን የአንድን ሰው አያቶች አህጉር በደንብ መገመት ይቻላል። ለዘመድ ፍለጋ ምራቃቸውን በፖስታ የሚልኩ ሰዎች የሚያገኙት ውጤትም በዚሁ ላይ የቆመ ነው።

ታዲያ ሦስቱ ዘሮች ተመለሱ? በ2002 ኖዋ ሮዘንበርግና ባልደረቦቹ ከ52 ሕዝቦች የተወሰዱ 1056 ሰዎችን ዲኤንኤ ለኮምፒውተር ሰጡት። ፕሮግራሙ ሰዎቹን በቡድን ይከፍላል፤ ስንት ቡድን እንደሚሆን የሚነግረው ግን ተመራማሪው ነው። አምስት በለው፣ አምስት ያወጣል፤ ከአህጉራት ጋር ይቀራረባል። ስድስት ሲባል ስድስተኛው ቡድን የወጣው በፓኪስታን ተራሮች ውስጥ ከሚኖሩት ካላሽ ከተባሉ ጥቂት ሰዎች ነው። ካላሽን ስድስተኛው ታላቅ ዘር ያለ ሰው የለም። ሌላም ነገር አለ፤ በ52ቱ ውስጥ ከአፍሪካ ቀንድ የመጣ አንድም ሕዝብ አልነበረም። ድንበሩ የሚደበዝዝበትን ቦታ ሳይነኩ ከሩቅ ከሩቅ ከተወሰደ ናሙና ድንበር ይታያል። ይህ የማንም ተንኮል አይደለም፤ የነበረው ናሙና ያ ነበር። ግን ውጤቱን ሲያነቡ ማስታወስ ይገባል።

ለሦስትዮሹ ከሁሉ የከፋው ግን የዛፉ ቅርጽ ነው። ሦስት ታላላቅ ዘሮች ካሉ የሰው ልጅ ግንድ ሦስት ቅርንጫፍ ሊኖረው ይገባል። የለውም። ከሁሉ ቀድመው የተለያዩት ቅርንጫፎች ሁሉም አፍሪካ ውስጥ ናቸው። ለምሳሌ የደቡብ አፍሪካ ኮይሳን ሕዝቦች ከሌላው የተለዩት፣ ሌላው ሰው ከአፍሪካ ከመውጣቱ ብዙ አስቀድሞ ነው። ከአፍሪካ ውጭ ያለው ሕዝብ ሁሉ፣ እስኪሞውም ስዊድናዊውም፣ በአብዛኛው ከ50 እስከ 70 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ከወጣ አንድ ትንሽ ክፍል የመጣ ነው። ስለዚህ ኮካሶይድና ሞንጎሎይድ የተባሉት በአንድ ቀጭን ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ያሉ ቅጠሎች ናቸው። ኔግሮይድ የተባለው ደግሞ የቀረው ዛፍ በሙሉ ነው። ይህን በአንድ ስም መጥራት የሚቻለው ቆዳን ብቻ ካዩ ነው።

የሞታ ዋሻ ሰው

በ2012 በጋሞ ደጋማ አካባቢ፣ ሞታ በተባለ ዋሻ ውስጥ 4500 ዓመት የቆየ የሰው አጽም ተገኘ። ዲኤንኤው ከራስ ቅሉ ውስጥ፣ ከጆሮ አካባቢ ካለው ጠንካራ አጥንት ወጣ። በ2015 ውጤቱ ሲታተም ከአፍሪካ የተገኘ የመጀመሪያው ሙሉ ጥንታዊ ጂኖም ሆነ። አሁን ካሉት ሕዝቦች በጣም የሚቀርቡት በደቡብ ኢትዮጵያ የሚኖሩት አሪዎች ናቸው። ዛሬ በብዙ ኢትዮጵያውያን ውስጥ የሚገኘው ከምዕራብ እስያ በኩል የመጣ የዘር ሐረግ ግን በእሱ ውስጥ የለም።

ይህ ከሦስት ዓመት ቀድሞ ከወጣ ሌላ ጥናት ጋር ይገጥማል። ያኛው ጥናት የዛሬ ኢትዮጵያውያንን ዲኤንኤ መርምሮ፣ በሴማዊና በኩሻዊ ቋንቋ ተናጋሪዎች ዘንድ ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚደርስ ከአፍሪካ ውጭ የመጣ ድርሻ አግኝቷል። ዋናው መቀላቀል ከ3000 ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ገመተ። በምዕራብ ድንበር ባሉ ሕዝቦች ዘንድ ይህ ድርሻ በጣም ትንሽ ነው።

«እንግዲያው ሴሊግማን ግማሹን አልሳተም» የሚል ሊኖር ይችላል። ተሳስቷል። እሱ ያለው ሥልጣኔ ይዞ የገባ የተለየ ዘር ነው። የታየው ግን በቀይ ባሕር ሁለት ዳርቻ የሚኖሩ ሰዎች መጋባት ነው፤ ልጆቹም የሁለቱም ናቸው። ደግሞ ይህ የኢትዮጵያ ልዩ ገጠመኝ አይደለም። አውሮፓውያንም ተመሳሳይ ታሪክ አላቸው። ከ2014 ወዲህ የወጡ የጥንታዊ ዲኤንኤ ጥናቶች የዛሬው አውሮፓዊ ከሦስት ወገን የተቀላቀለ መሆኑን አሳይተዋል፦ ከጥንቶቹ አዳኞች፣ ከአናቶሊያ ከመጡ ገበሬዎች፣ ከ5000 ዓመት ገደማ በፊት ከጥቁር ባሕር በስተ ሰሜን ካለው ሣር ሜዳ ከተነሡ እረኞች። የብሉመንባኽ ኮካሳዊ ራሱ ቅልቅል ነው፤ ዕድሜውም ከግብፅ ፒራሚዶች ብዙ አይበልጥም።

ስሞቹ ቶሎ አልሄዱም

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን የሆነ እንዳይመስላችሁ። ዩኔስኮ ከናዚዎች ጥፋት በኋላ በ1950 ስለ ዘር ባወጣው ዝነኛ መግለጫ ውስጥ ሦስቱ ስሞች አሁንም አሉበት፤ አብዛኞቹ አንትሮፖሎጂስቶች የሚስማሙባቸው ዋና ክፍሎች ተብለው። በሕክምና ደግሞ ጆን ላንግደን ዳውን በ1866 ዛሬ በስሙ ዳውን ሲንድረም የሚባለውን ሁኔታ «ሞንጎላዊ» ብሎ ነበር የሰየመው። 19 ባለሙያዎች በ1961 ይህ ይቅር ብለው ጻፉ። የዓለም ጤና ድርጅት የተወው ሞንጎሊያ ጠይቃ፣ በ1965 ነው። የአሜሪካ ፊዚካል አንትሮፖሎጂስቶች ማኅበር ንጹሕ ዘር የሚባል ነገር የለም ብሎ በግልጽ ያወጀው በ1996 ነው። የወንጀል ምርመራ አጥንት መርማሪዎች ከሁሉም ዘግይተው ያዙት። እነሱ ለፖሊስ «ይህ አጽም የማን ሊሆን ይችላል» የሚል መልስ መስጠት ስላለባቸው ሦስቱን ስሞች ለመጣል ተቸግረዋል።

አሜሪካ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ደግሞ የሣጥኑ ርዝራዥ በደም ምርመራው ውስጥ ቆይቶ ነበር። ኩላሊት ምን ያህል እንደሚሠራ የሚገመተው ከጡንቻ ወጥቶ በደም ውስጥ ከሚገኘው ክሪያቲኒን ከተባለ ንጥረ ነገር ነው። በ2009 የወጣው ቀመር ታካሚው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን በ1.159 ያባዛ ነበር። የጥቁሮች ጡንቻ ይበልጣል በሚል ግምት። ከጎጃም ደጋ የመጣ ቀጭን ሰውም፣ የጋምቤላው ረጅም ልጅም፣ ከሚሲሲፒ የመጣው አፍሪካዊ አሜሪካዊም በአንድ ቁጥር ተባዙ።

የኩላሊት ንቅለ ተከላ ወረፋ መያዝ የሚጀመረው ውጤቱ 20 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው። እንግዲህ የአንድ ሰው ውጤት 18 ነው እንበል። ነጭ ከሆነ ወረፋው ይጀምራል። ጥቁር ተብሎ ከተመዘገበ 18 በ1.159 ሲባዛ 20.9 ይሆናል፤ ገና ነህ ይባላል። በ2021 የአሜሪካ የኩላሊት ሐኪሞች ዘርን የማይጠይቅ አዲስ ቀመር ይሥራ አሉ። በ2023 ደግሞ የንቅለ ተከላ ሆስፒታሎች በድሮው ቀመር የዘገዩ ጥቁር ታካሚዎችን መዝገብ እንደገና እያዩ የወረፋ ጊዜያቸውን ወደ ኋላ እንዲያስተካክሉ ታዘዙ።